የአከራይ ልጅ ስትጠይቅ

(በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ መምህራኖቼና ባልንጀሮቼ፣

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ጥናቴ ውጤት ነበር። እኔ ግን ውጤቱ እንዴት እንደ ተበላሸና በኋላም በከፊል እንዴት እንደ ተቃና ብነግራችሁ የተሻለ ይጠቅማል ብዬ ርእሱን አስቀይሬያለሁ። ጥናቴ ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን ከመጡት ሰዎች መካከል ከመጠለያ ውጭ፣ በየሰዉ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ከአከራዮቻቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት ነው። ለአማካሪዬ ያስገባሁት የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ግንኙነቱ በመተዛዘን ላይ የቆመ እንደ ሆነና የኪራይ ነገር የጎላ ችግር እንዳልሆነ ይናገር ነበር። ይህን የጻፍኩት አሥራ አራት ሰዎችን አነጋግሬ፣ ድምፃቸውን ቀርጬ፣ ቃል በቃል ጽፌ ነው። ረቂቁ ግን ስሕተት ነበር። ሰዎቹ አልዋሹኝም፤ የሚጠይቃቸው ማን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እነርሱ አጥርተው ስላወቁ፣ ለዚያች ጠያቂ የሚገባውን መልስ ሰጡኝ።

በትምህርት ክፍላችን ይህን ነገር አማርኛ ስናወራ ሳይቀር «ፖዚሽናሊቲ» እንለዋለን። እኔ የአጥኚው መቆሚያ እለዋለሁ፤ ጥያቄው አጥኚው የት ቆሞ ነው የሚያየው፣ የሚጠየቁትስ እርሱን የት ቆሞ ነው የሚያዩት የሚል ነውና። አብዛኞቻችን በመመረቂያ ጽሑፋችን ሦስተኛ ምዕራፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንመድብለታለን። አጥኚዋ ሴት መሆኗን፣ የአካባቢው ተወላጅ መሆኗን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አማርኛ መሆኑን እንጽፍና ይህም መረጃ ለማግኘት እንደ ረዳት ጠቅሰን እናልፋለን። እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። አንቀጹ ከቀበሌ መታወቂያ የተቀዳ ይመስላል፤ የሚነግረንም ከመታወቂያው የበለጠ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮበርት ሜርተን በ1972 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ማኅበራዊ መገኛዎች ስላሉት አንዱ ፍጹም የውስጥ ሰው፣ ሌላው ፍጹም የውጭ ሰው ሊባል እንደማይችል ተከራክሯል። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ መልሼም ጽፌዋለሁ። በራሴ ግቢ ውስጥ ግን አላየሁትም።

ስለዚህ ከግቢያችን ልጀምር። እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አሏት። የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ሌሊቱን ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀድሞ ተከራዮቻችን የፋብሪካ ሠራተኞችና እንደ እናንተ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከወለጋ የመጡ ቤተሰቦች ገቡ። የእኔ የትምህርት ቤት ወጪ፣ ደብተሩም ዩኒፎርሙም፣ ከእነዚህ ሦስት ቤቶች ኪራይ የወጣ ነው። ይህን እስካለፈው ዓመት ድረስ የጥናቴ አካል አድርጌ አስቤው አላውቅም። የከተማዋ ተወላጅ እንደ ሆንኩ አስቤአለሁ፤ ይህንንም ጸጋ ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ሰዎቹን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው። አራቱ በግቢያችን የሚኖሩ ናቸው። ስድስቱን የጠቆሙኝ የእናቴ የእድር ጓደኞች ሲሆኑ እነርሱም በየግቢያቸው የሚያከራዩ ናቸው። የቀሩትን አራቱን በቀበሌ በኩል አገኘሁ። በመማሪያ መጽሐፋችን ቋንቋ ይህ በጠቆማ የሚሰፋ ናሙና ይባላል፤ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ይቀጥላል። ችግሩ እኔን የጠቆሙኝ ተከራዮች ሳይሆኑ አከራዮች መሆናቸው ነው። አሥሩ ሰዎች እኔን ያወቁኝ «የእትዬ ልጅ ናት፣ ለትምህርቷ ነው፣ ያላችሁትን ንገሯት» ከሚል የአከራይ ቃል ጋር ነበር። የስምምነት ቅጹን አንብቤላቸዋለሁ። ካልፈለጉ አለመናገር እንደሚችሉ፣ በመካከልም ማቋረጥ እንደሚችሉ ነግሬአቸዋለሁ። ሁሉም ፈርመዋል፤ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው ፈርመዋል። የወር ኪራዩን የምትቀበለው ሴትዮ ልጅ በር አንኳኩታ ስትገባ «አልፈልግም» ማለት በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን በቅጹ ላይ አልተጻፈም።

አንዱን ምሽት በዝርዝር ልንገራችሁ። በግቢያችን ከሚኖሩት አንዱ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቀን ሥራ ከተመለሱ በኋላ ወደ ቤታቸው ገባሁ። ያላቸውን አንድ ዱካ ለእኔ ሰጥተው እርሳቸው በቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። የስልኬ ባትሪ እያለቀ ስለ ነበር ቻርጀሬን ሶኬቱ ላይ ሰካሁና መቅረጽ ጀመርኩ። ሽማግሌው ወዲያው ተነሥተው አምፖሉን አጠፉት፤ ከኩራዙ ብርሃን በቀር ቤቱ ጨለመ። ለምን እንዳጠፉት ብጠይቃቸው፣ «ሁለቱ አንድ ላይ ቆጣሪ ይበላሉ» አሉኝ። ቆጣሪው የእናቴ ነው። የመብራት ሒሳብ በየወሩ የሚከፋፈለው በአምፖልና በሰው ቁጥር ነው፤ ይህንንም የምታሰላው እናቴ ናት፤ ሒሳቡን በወረቀት ላይ የምጽፍላት ደግሞ እኔ ነኝ። የእርሳቸውን አምፖል አስጠፍቼ የእኔን ስልክ እየሞላሁ፣ በጨለማ ውስጥ «ከአከራይዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ተመስገን ነው፤ ደግ ሴት ናቸው» ብለው መለሱልኝ። እኔም ጻፍኩት። በመስክ ማስታወሻዬ ላይ ስለ አምፖሉ ምንም የለም። አምፖሉን ያስታወስኩት ከአራት ወር በኋላ ነው።

እንዳስታውሰው ያደረገኝ የአማካሪዬ አንድ ጥያቄ ነበር። ረቂቁን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ስለ ድምዳሜው ምንም አላሉም። «እነዚህን ሰዎች ማን ነው ያገናኘሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከአሥራ አራቱ አሥሩ በአከራይ በኩል የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያደረግኩት ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተሰጠ ዕድል ይመስለኛልና ትንሽ ልቆይበት።

አማርኛችን ሰውን ሳያከብር ወይም ሳያቀርብ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ማለት አይችልም። በእያንዳንዱ ግስ ላይ የተናጋሪውና የሰሚው ደረጃ ተለጥፎ ይሄዳል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ ሹመትም የለኝም። በእኛ ወግ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ እኔን «አንቺ ልጅ» ማለት ይገባቸዋል፤ እኔ ነኝ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ማለት ያለብኝ። ካነጋገርኳቸው አሥራ አራት ሰዎች ዘጠኙ በዕድሜ ወላጆቼን የሚሆኑ ነበሩ። ከእነዚህ የሰባቱን ድምፅ መልሼ ሳዳምጥ እኔን «ይቀመጡ»፣ «ይጠይቁኝ»፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ይሉኛል። ያ ክብር ለእኔ አልነበረም፤ ለኪራይ ደብተሩ ነበር። «አንቺ» ያሉኝ ሁለቱ በቀበሌ በኩል ያገኘኋቸው ሲሆኑ፣ ስለ ኪራይ ጭማሪ በግልጽ ያማረሩትም እነርሱ ብቻ ናቸው። ሁለት ሰው ብዙ ነገር ለማለት አይበቃም። ቀበሌ ራሱ ሌላ ፍርሃት የሚያመጣ በር እንደ ሆነም አውቃለሁ። ሆኖም ተውላጠ ስሙና መልሱ አብረው መሄዳቸው አንድ ነገር እንድጠረጥር በቂ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ይህንን ማስረጃ እኔው ራሴ አጥፍቼው መገኘቴ ነው። ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ሽማግሌ እኔን «እርስዎ» ማለታቸው ለጆሮዬ ስለ ጎረበጠኝ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቃለ መጠይቆች ላይ «ይቀመጡ» ያለውን «ተቀመጪ» እያልኩ አስተካክዬዋለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ እጄ ነው ያስተካከለው። ቀጥሎ ደግሞ እንደምታውቁት ጽሑፋችንን የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ለአንቺም ለእርስዎም አንድ ቃል ብቻ ስላለው፣ በአማርኛው የተረፈውም በትርጉም ጊዜ ጠፋ። አማካሪዬ ዘንድ የደረሰው ጽሑፍ ውስጥ እኔና ሽማግሌው እኩል ቁመት ላይ ቆመን የምንጨዋወት ሰዎች ሆነን ነበር። አሥራ አራቱንም ቅጂዎች እንደገና አዳምጬ ተውላጠ ስሞቹን በነበሩበት መልሼ ለማስፈር አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። በመካከላችሁ መስክ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ ቅጂ የሚገለብጥላችሁን ሰው የአከባበር ግሱን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ንገሩት። በትርጉሙም ላይ ግሱ የአክብሮት መሆኑን በምልክት አስቀምጡ።

ሁለተኛው መታወሬ ከአያቴ የመጣ ነው። አያቴ ከመሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከመንዝ፣ በልጅነቷ ወደ ደብረ ብርሃን መጥታ ከአንዲት ዘመዷ ተጠግታ የኖረች ሴት ናት። ስለዚህ «እኛም መጤዎች ነበርን፤ ስሜታቸውን አውቀዋለሁ» የሚል እምነት ነበረኝ፤ በረቂቁም ላይ አስፍሬው ነበር። ይህ እምነት ጥያቄዎቼን አጣመመብኝ። ሽማግሌውን «ወደ አገርዎ ከተመለሱ በኋላ ኑሮውን እንዴት አገኙት?» ብዬ ጠይቄአለሁ። እርሳቸው ዝም ካሉ በኋላ «የትኛው አገር?» አሉኝ። ጥያቄውን ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት።

የሰሙኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እርሳቸው የወሎ ተወላጅ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ የደርግ መንግሥት በዚያና በቀጣዩ ዓመት ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ሌሎች አካባቢዎች ሲያሰፍር ከወላጆቻቸው ጋር ተጭነው የሄዱ ናቸው። በወለጋ አግብተው፣ ወልደው፣ ቡና ተክለው ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሰሜን ሸዋ ግን የኖሩበትም የተወለዱበትም አይደለም። እዚያ በነበሩበት ጊዜ ሁሉ የሚጠሩበት ስም «ሰፋሪ» ነበር፤ እዚህ ሲመጡ «ተፈናቃይ» ተባሉ፤ እኔ ደግሞ «ተመላሽ» አደረግኳቸው። ቋንቋችንና ሃይማኖታችን አንድ ስለ ሆነ ብቻ አገራቸው የገቡ አድርጌ ቆጠርኳቸው። አያቴ መንዝ ዘመድ ነበራት፤ ለበዓል ትሄዳለች፤ ለቀብር ትሄዳለች፤ በመኸር ጊዜ ከወንድሞቿ ድርሻዋ ይላክላት ነበር። የአያቴ መምጣት የሚመለሱበት መንገድ ያለው መምጣት ነበር። ሽማግሌው ግን ስለዚያ መንገድ ማውራት እንኳ አይፈልጉም። ሁለቱን በአንድ «መጤ» በሚል ቃል መጠቅለሌ፣ መመሳሰል የፈለግኩት ለመረጃ ስል ሳይሆን ለራሴ ምቾት እንደ ነበር ያሳያል። ከአከራይነት ይልቅ የመጤ የልጅ ልጅነት ለአጥኚ የሚያምር መቆሚያ ነው።

እርምቱን እንዴት እንደ ሞከርኩት ልንገራችሁ። በመጀመሪያ በግቢያችን የሚኖሩትን የአራቱን ሰዎች ቃለ መጠይቅ ከጥናቱ አወጣሁ። ይህ ሲከብደኝ ነበር፤ ከሁሉም ረጅሙና የበለጸገው የሽማግሌው ቃል ከእነርሱ ውስጥ ነውና። ነገር ግን ስምምነታቸው ነጻ አልነበረም፤ ነጻ ያልሆነ ስምምነት ደግሞ ፊርማ ስላለው ነጻ አይሆንም። ስለ ሽማግሌው ዛሬ የምነግራችሁ እንኳ ሄጄ፣ በግቢው ሳይሆን በውጭ አግኝቼ፣ ይህንን ታሪክ ስማቸውን ሳልጠራ ልናገር እንደ ሆነ ጠይቄ ስለ ፈቀዱልኝ ነው። ያን ቀን አንቺ አሉኝ።

ሁለተኛው እርምጃ ጠያቂውን መለወጥ ነበር። ከተፈናቃዮቹ መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት ወጣት አገኘሁ። ለሥራዋ ከፍዬ፣ ጥያቄዎቹን አብረን አንድ ሳምንት ከተለማመድን በኋላ፣ እኔ ካነጋገርኳቸው የቀሩት አሥር ሰዎች ውስጥ ስድስቱን እርሷ ብቻዋን እንደገና እንድትጠይቃቸው አደረግኩ። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ያው ነው። ከስድስቱ አራቱ ስለ ኪራይ የሰጡት መልስ ተለወጠ። ለእኔ «ተመስገን» ያሉት፣ ለእርሷ የኪራዩ ጭማሪ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚመጣ፣ ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ቤት እንደማያገኝና ስለዚህ ለደላላ የልጆቹን ቁጥር አሳንሶ እንደሚናገር፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር እንደሚከለከልና እንግዳ አሳድሮ መገኘት ከቤት እንደሚያስወጣ ነገሯት። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ለስድስት ወር ያህል ከአከራይዋ ደብቃ ቀን ቀን ከጎረቤት ዘንድ ታስቀምጣቸው ነበር። ለእኔ የነገረችኝ ግን ልጆቿ ሁለት መሆናቸውን ነው፤ ለካ አራት ናቸው። በመረጃ ሠንጠረዤ ላይ የቤተሰቡ ብዛት ሳይቀር ስሕተት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረውን ነገር አልናገርም፤ «ከማኅበረሰቡ የወጣ ሰው ሲጠይቅ እውነቱ ይገኛል» አልልም። ምክንያቱም ሌሎቹን ጥያቄዎች ስናነጻጽር ነገሩ ተገልብጦ አገኘሁት። ወጣቷ ቀደም ሲል በመጠለያ ጣቢያ የእርዳታ ምዝገባ ስታግዝ የነበረች ናት። ስለዚህ ስለ ገቢ ስትጠይቃቸው፣ የቀን ሥራ እያላቸው ሥራ የለንም አሏት፤ ከእርዳታ ስንዴ ላይ ሸጠው ኪራይ መክፈላቸውን ደበቋት። ይህን ለእኔ ሳይጨነቁ ነግረውኝ ነበር፤ የእኔ እናት ኪራይ ትቀበላለች እንጂ ስንዴ አታድልምና። ከስድስቱ ሁለቱ ደግሞ ወደ ወለጋ መመለስ እንደማይፈልጉ ለእኔ ተናግረው ለእርሷ ግን መመለስ እንፈልጋለን ብለዋል። ይህን እንዴት እንደምተረጉመው እስካሁን አልወሰንኩም። ለአከራይ ወገን «እዚህ እንቀራለን» ማለት፣ ለአገሬው ልጅ «ከተማሽን ወድደነዋል» እንደ ማለት የሚቆጠር ጨዋነት ሊሆን ይችላል። ለራስ ወገን «እንመለሳለን» ማለት ደግሞ አብሮ ያለቀሰን ሰው አለመክዳት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቃሎች በጽሑፌ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬአለሁ፤ ማን ለማን እንደ ተናገረው ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ተጽፏል።

ስለዚህ በሠንጠረዤ ላይ አንድ አምድ ጨመርኩ። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ማን እንደ ጠየቀ፣ ሰውየው በማን በኩል እንደ ተገኘ፣ ቃለ መጠይቁ የት እንደ ተደረገ፣ በዚያ ሰዓት አከራዩ በግቢው ውስጥ እንደ ነበረና እንዳልነበረ፣ ተናጋሪው ጠያቂዋን በምን ተውላጠ ስም እንደ ጠራት ይመዘገባል። ይህ ትልቅ ዘዴ አይደለም፤ አንድ አምድ ነው። ነገር ግን ስለ መቆሚያዬ በሦስተኛው ምዕራፍ ከምጽፈው አንቀጽ ይልቅ ብዙ ሥራ ይሠራል። አንቀጹ እኔ ማን እንደ ሆንኩ ይናገራል፤ አምዱ ደግሞ የእኔ ማንነት በየትኛው መልስ ላይ ምን እንዳደረገ ያሳያል። አንባቢው የአከራይን ነገር በተመለከተ የእኔን መልሶች እንዲጠራጠር፣ የእርዳታን ነገር በተመለከተ ደግሞ የወጣቷን እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ከሁለታችንም ያመለጠ ነገር እንደሚኖር አልጠራጠርም። ለምሳሌ ሁለታችንም ሴቶች በመሆናችን ብቻውን ስለሚኖር ወንድ ተከራይ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ የምንገባበት የተከራይ ቤትም የቤተሰቡ ኃላፊ ሴት ወይም ሽማግሌ የሆነበት ብቻ ነው።

ከጥያቄዎቹም አንዱን ቀየርኩ። «ከአከራይዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነው?» የሚለው ለማንም ቢቀርብ ምስጋና ወይም ወቀሳ የሚጠይቅ ነው፤ ተከራይ ደግሞ መውቀስ አይችልም። በምትኩ ያለፈውን አንድ ቀን እንዲተርኩልኝ ጠየቅኩ። ጧት ስንት ሰዓት ተነሡ? ውኃው ከየት መጣ? መብራቱ መቼ በራ፣ መቼ ጠፋ? የግቢው በር በስንት ሰዓት ተቆለፈ? እርስዎ ያን ሰዓት የት ነበሩ? ይህን ሲተርኩ አከራዩን ሳያነሡ አከራዩ በየመስመሩ ይመጣል። አንድ የቀን ሠራተኛ በሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስለሚቆለፍ የማታ ሥራ ሲያገኝ እንደማይሄድ ነገረኝ። ስለ ግንኙነት ብጠይቀው ኖሮ ተመስገን ይለኝ ነበር።

የቀረኝ የእናቴ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጽፈው ስለ እርሷም እንደ ሆነ መንገር ነበረብኝ። «የእኔን ገመና ለዩኒቨርሲቲ ልትሰጪ ነው?» አለችኝ። ቅር መሰኘቷ አግባብ ነበረው። እናቴ ባለጠጋ አይደለችም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእነዚያ ሦስት ክፍሎች ነው። የጤፉ ዋጋ ሲጨምር ኪራይ ላይ ትጨምራለች፤ ጤፉን የጨመረባት ግን ማንም ማስጠንቀቂያ አልሰጣትም። ደግሞም ሰዎቹ ሲመጡ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ሳትቀበል ያስገባች እርሷ ናት፤ ብርድ ልብስም ሰጥታለች። ይህም እውነት ነው፤ የቆጣሪውም ሒሳብ እውነት ነው። በረቂቁ ላይ አንደኛውን ብቻ ጽፌ ነበር፤ አሁን ሁለተኛውን ብቻ ብጽፍ ስሕተቱ ይገለበጣል እንጂ አይታረምም።

የመቆሚያ አንቀጼን እንደ አዲስ ጽፌ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለእርሷ አነበብኩላት። እንዲህ ይላል፦ «አጥኚዋ ያደገችው ለተፈናቃዮች ቤት በሚያከራይ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ የትምህርት ወጪዋም ከዚሁ ኪራይ የተሸፈነ ነው። በዚህ ጥናት የመጀመሪያ ዙር ካነጋገረቻቸው አሥራ አራት ሰዎች አሥሩን ያገኘችው በአከራዮች በኩል ነው። በራሷ ግቢ የሚኖሩ አራት ሰዎች የሰጡት ቃል ስምምነታቸው ነጻ እንዳልነበረ ስለ ታመነ ከጥናቱ ወጥቷል።» እናቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። የአራቱን መውጣትም፣ የትምህርት ወጪውንም አልተቃወመችም። የተቃወመችው አንድ ቃል ነው። «አከራይ» የሚለውን አልወደደችውም፤ እርሷ «አስጠጊ» ናት፤ አያቴም በመጣችበት ዘመን ያስጠጓት ሰዎች የሚባሉት እንዲሁ ነበር። በማግስቱ ውጭ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ እርሳቸው እናቴን ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠየቅኳቸው። «ባለቤቷ» ነው የምንላት አሉኝ፤ አከራይም አስጠጊም አይሉም። ሦስቱንም ቃሎች በጽሑፉ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ የማን ቃል የትኛው እንደ ሆነም ከሥሩ ጽፌአለሁ።